ቨርቹዋል ዲስክ፦ እያደገ የሚሄደው ወይስ መጠኑ የተወሰነው?

በላፕቶፑ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ሳይነካ ሊኑክስን ለመማር ወይም አንድን ፕሮግራም ለብቻው ለመሞከር ቨርቹዋል ማሽን የሚያዘጋጅ ሰው ገና በዝግጅቱ መጀመሪያ አንድ ምርጫ ይቀርብለታል። ዲስኩ ከትንሽ ተነስቶ እያደገ ይሂድ ወይስ ሙሉ መጠኑን ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ? አብዛኛው ሰው የቀረበለትን እንዳለ ተቀብሎ ያልፋል። ከወራት በኋላ ግን የላፕቶፑ ዲስክ ለምን እንደሞላ፣ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የጠፋ ትልቅ ፋይል ለምን ቦታ እንዳላስለቀቀ፣ ማሽኑም በሥራ መካከል ለምን በድንገት እንደቆመ ለመረዳት ይቸገራል። በዚህ ላይ «መጠኑ የተወሰነው ፈጣን ነው፤ የሚያድገው ቀርፋፋ ነው» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ምክሩ በአንድ ወቅት ከነበረው ክብደት አብዛኛውን አጥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ያለው ከፍጥነቱ ይልቅ በቦታው ዋስትና ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ በሚታወቅ ፕሮግራም ለማየት እንዲመች፣ እዚህ ላይ የቀረበው ማብራሪያ ቨርቹዋልቦክስን እና የራሱ የሆነውን ቪዲአይ የሚባለውን የዲስክ ፋይል ዓይነት ይከተላል። በሃይፐር-ቪ እና በቪኤምዌርም መርሁ ተመሳሳይ ነው። የሚለያዩት በቁጥሮቹና በትእዛዞቹ ነው።

## ቨርቹዋል ዲስክ ሲባል ምን ማለት ነው?

ቨርቹዋል ማሽን በእውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ፣ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር መስሎ የሚቀርብ ፕሮግራም ነው። እውነተኛው ኮምፒውተር አስተናጋጅ ይባላል። በውስጡ የተጫነው ሲስተም ደግሞ እንግዳ ይባላል። እንግዳው ሲስተም የራሱ ሃርድ ዲስክ እንዳለው ያምናል፤ ይከፋፍለዋል፣ ፎርማት ያደርገዋል፣ ፋይል ይጽፍበታል። በአስተናጋጁ በኩል ሲታይ ግን ያ ሙሉ ዲስክ አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ለምሳሌ `ubuntu.vdi` የሚባል።

ስለዚህ ስለ አንድ ቨርቹዋል ዲስክ ስንነጋገር ሁለት መጠኖችን ለይተን መያዝ አለብን። አንደኛው እንግዳው የሚያየው መጠን ነው። ይህ ዲስኩ ሲፈጠር የተወሰነው ጣሪያ ሲሆን 60 ጊጋባይት ነው ከተባለ እንግዳው ሁልጊዜ 60 ጊጋባይት ያያል። ሁለተኛው ፋይሉ በአስተናጋጁ ዲስክ ላይ በትክክል የያዘው ቦታ ነው። መጠኑ የተወሰነ ዲስክ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። በሚያድገው ዲስክ ላይ ግን መጀመሪያ ላይ እጅግ የተራራቁ ሆነው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀራረባሉ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ለማየት በአስተናጋጁ ላይ ይህን ትእዛዝ መስጠት ይቻላል፦

```
VBoxManage showmediuminfo disk ubuntu.vdi
```

ከሚወጣው መልስ ውስጥ `Capacity` የሚለው መስመር ጣሪያውን፣ `Size on disk` የሚለው ፋይሉ አሁን የያዘውን ቦታ፣ `Format variant` የሚለው ደግሞ ዲስኩ የሚያድግ ወይም የተወሰነ መሆኑን ይነግራል።

## የሚያድገው ዲስክ በምን ዘዴ ያድጋል?

የቪዲአይ ፋይል እንግዳው የሚያየውን ዲስክ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋባይት በሆኑ ብሎኮች ይከፋፍላል። የ60 ጊጋባይት ዲስክ 61,440 ብሎኮች ይኖሩታል ማለት ነው። በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ለእያንዳንዱ ብሎክ አንድ መስመር የያዘ ሰንጠረዥ አለ። መስመሩ «ይህ ብሎክ በፋይሉ ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ነው» ወይም «ይህ ብሎክ እስካሁን አልተመደበም» ይላል። እያንዳንዱ መስመር 4 ባይት ብቻ ስለሆነ የ61,440 ብሎኮች ሰንጠረዥ በጠቅላላው 240 ኪሎባይት ያህል ነው፤ ይህም ማሽኑ ሲሠራ ያለ ችግር በሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል።

አንድ መጋዘን እናስብ። መጠኑ የተወሰነው ዲስክ ስልሳ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ተከራይቶ ቁልፋቸውን እንደተረከበ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ባይኖርባቸውም ክፍሎቹ የእሱ ናቸው፣ ሌላ ሰው አይገባባቸውም። የሚያድገው ዲስክ «እስከ ስልሳ ክፍል መጠቀም ትችላለህ» ተብሎ ቃል እንደተገባለት ነጋዴ ነው። ዕቃ ባመጣ ቁጥር የመጋዘኑ ጠባቂ ቀጣዩን ባዶ ክፍል ይከፍትለታል፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ክፍል እንደገባም በመዝገብ ይጽፋል። ነጋዴው በኋላ ዕቃውን አውጥቶ ቢወስድም ክፍሉ በስሙ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ምክንያቱም ባዶ መሆኑን ለጠባቂው የነገረው ሰው የለም።

እንግዳው ሲስተም ከዚህ ቀደም ወዳልነካው ቦታ ሲጽፍ ቨርቹዋልቦክስ በሰንጠረዡ ላይ ብሎኩ እንዳልተመደበ ያያል፣ ፋይሉን በጫፉ በኩል በ1 ሜጋባይት ያስረዝማል፣ መረጃውን በአዲሱ ቦታ ይጽፋል፣ ከዚያም ሰንጠረዡን ያድሳል። እንግዳው የጻፈው 4 ኪሎባይት ብቻ ቢሆንም የሚመደበው ሙሉ ብሎክ ነው፤ የቀረው ክፍል በዜሮ ይሞላል። እንግዳው ከዚህ ቀደም ወደጻፈበት ብሎክ ሲመለስ ግን ይህ ሁሉ የለም። ቨርቹዋልቦክስ በሜሞሪ ካለው ሰንጠረዥ አድራሻውን አንብቦ በቀጥታ ይጽፋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ብሎኮቹ በፋይሉ ውስጥ የሚሰለፉት እንግዳው በጠየቃቸው ቅደም ተከተል እንጂ በዲስኩ ላይ ባላቸው ተራ አይደለም። ለእንግዳው ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ብሎኮች በፋይሉ ውስጥ በብዙ ጊጋባይት ሊራራቁ ይችላሉ። በተወሰነው ዲስክ ግን ብሎኮቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራቸው ተደርድረዋል።

## እውነት ቀርፋፋ ነው? ከሆነስ መቼ?

የፍጥነቱ ልዩነት በሁለት ቦታ ይታያል፤ በመጀመሪያ ጽሑፍ ወቅትና በተበታተነ ንባብ ወቅት።

የመጀመሪያው ከላይ ከተገለጸው አሠራር በቀጥታ የሚመጣ ነው። ብሎክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ ፋይሉን ማስረዘም፣ ብሎኩን ማዘጋጀትና ሰንጠረዡን ማደስ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ አስተናጋጁም በበኩሉ ለሚያድገው ፋይል በራሱ ዲስክ ላይ ቦታ መፈለግ አለበት። ይህ ጎልቶ የሚታየው እንግዳው ሲስተም ሲጫን፣ ትልቅ ዝመና ሲወርድ ወይም አዲስ ዳታቤዝ በመረጃ ሲሞላ ነው። ዲስኩ ሥራ በለመደና እድገቱ በዘገየ ጊዜ አብዛኛው ጽሑፍ ቀድሞ በተመደቡ ብሎኮች ላይ ስለሚያርፍ ልዩነቱ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። የቨርቹዋልቦክስ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ግን አስተናጋጁ ባለው የዲስክ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ራቅ ያለ ቦታ ለመዝለል በአማካይ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ ዲስክ 1 ሜጋባይት ለማንበብም እንዲሁ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። እንግዳው አንድን ትልቅ ፋይል ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ እያንዳንዱ 1 ሜጋባይት ብሎክ በተለያየ ቦታ ከተበተነ፣ ለእያንዳንዱ 10 ሚሊሰከንድ ንባብ ሌላ 10 ሚሊሰከንድ ዝላይ ይጨመራል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይወርዳል። ይህ የከፋው ሁኔታ ነው፤ በተግባር ብዙ ብሎኮች በተርታ ስለሚመደቡ ጉዳቱ ከዚህ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ለተወሰነው ዲስክ የተሰጠው ምስጋና መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ክንድ የለውም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መዝለል በ1 ሜጋባይት ንባብ ላይ የሚጨምረው ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው። ምክሩ ጊዜ ያለፈበት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥርጣሬ ያለው ሰው በራሱ ማሽን ላይ ሊያየው ይችላል። በሊኑክስ እንግዳ ውስጥ የሚከተሉትን ሁለት ትእዛዞች በተከታታይ ይስጥ፦

```
dd if=/dev/urandom of=test.bin bs=1M count=2048 oflag=direct
dd if=/dev/urandom of=test.bin bs=1M count=2048 oflag=direct conv=notrunc
```

የመጀመሪያው 2 ጊጋባይት የሚሆን አዲስ ፋይል ይጽፋል። ሁለተኛው በዚያው ፋይል ላይ ደርቦ ይጽፋል፤ `conv=notrunc` የሚለው ፋይሉ መጀመሪያ ባዶ እንዳይደረግ ስለሚከለክል ጽሑፉ በዚያው ቦታ ላይ ያርፋል። በሚያድግ ዲስክ ላይ በሁለቱ መካከል የሚታየው የፍጥነት ልዩነት በአመዛኙ የመጀመሪያ ምደባ ዋጋ ነው። ሙከራው ትርጉም የሚኖረው ፋይሉ ከዚህ በፊት ባልተነካ ቦታ ላይ ካረፈ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ በአስተናጋጁ ላይ `Size on disk` የሚለውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ወደ 2 ጊጋባይት ያህል ካላደገ፣ እንግዳው ቀድሞ የተመደበ ቦታ ተጠቅሟል ማለት ነው።

መጠኑ የተወሰነ ዲስክም ቢሆን የራሱ የጊዜ ዋጋ አለው፤ የሚከፈለው ግን በአንድ ጊዜ ነው። ሙሉው 60 ጊጋባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚጽፍ ዲስክ ላይ ሲዘጋጅ ከ10 ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። ማሽኑን ወደ ሌላ ዲስክ ለመገልበጥም በውስጡ ያለው መረጃ 12 ጊጋባይት ቢሆንም የሚጓዘው 60 ጊጋባይት ነው።

## ፋይሉን አጥፍቼ ቦታው ለምን አልተመለሰም?

ከሁሉም ይበልጥ ሰዎችን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ ስለዚህ አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል።

በላፕቶፑ ላይ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለ እንበል። ዊንዶውስ ይህን 238 ጊጋባይት ብሎ ያሳያል፤ አምራቹ ጊጋባይትን በሺህ ስለሚቆጥር፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 ስለሚቆጥር የተፈጠረ ልዩነት እንጂ የጠፋ ቦታ የለም። ከዚህ ውስጥ 150 ጊጋባይት ተይዟል፤ 88 ጊጋባይት ነፃ ነው። ተማሪዋ 60 ጊጋባይት ጣሪያ ያለው የሚያድግ ዲስክ ፈጥራ ኡቡንቱን ጫነችበት። ተከላው ሲያበቃ የፋይሉ መጠን 12 ጊጋባይት ሆነ፤ በአስተናጋጁ ላይም 76 ጊጋባይት ነፃ ቀረ።

በመቀጠል ለልምምድ 25 ጊጋባይት የሚሆኑ የመረጃ ፋይሎችን በኡቡንቱ ውስጥ አወረደች። የቪዲአይ ፋይሉ ወደ 37 ጊጋባይት አደገ፤ ነፃው ቦታ ወደ 51 ወረደ። ልምምዱ ሲያልቅ ሁሉንም አጠፋችው፣ ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አደረገች። በኡቡንቱ ውስጥ `df -h` ብላ ስታይ የተያዘው 12 ጊጋባይት ነው። በዊንዶውስ በኩል ግን ፋይሉ አሁንም 37 ጊጋባይት ነው፤ ነፃ ቦታውም እዚያው 51 ላይ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ፋይል ማጥፋት በተግባር ምን እንደሚያደርግ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ኡቡንቱ ፋይሉን ሲያጠፋ በራሱ የፋይል ሲስተም መዝገብ ላይ «ይህ ቦታ ከአሁን በኋላ ነፃ ነው» ብሎ ይጽፋል እንጂ መረጃውን ከቦታው አይጠርገውም። ቨርቹዋልቦክስ የሚያየው ደግሞ ወደ ብሎኮች የሚመጣ ንባብና ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የእንግዳውን የፋይል ሲስተም አያነብም። ስለዚህ ለእሱ 25 ሺህ የሚያህሉት ብሎኮች አሁንም በመረጃ የተሞሉ ናቸው።

ተማሪዋ በኋላ ሌላ 25 ጊጋባይት ብታወርድ ፋይሉ የግድ ወደ 62 አያድግም፤ ከ60 ጣሪያም አያልፍም። ኡቡንቱ ነፃ ብሎ የያዛቸውን ቀድሞ የተመደቡ ቦታዎች እንደገና ከተጠቀመ ፋይሉ እዚያው ይቆያል። አዲስ ያልተነካ ቦታ ከመረጠ ግን ያድጋል። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው የእንግዳው የፋይል ሲስተም ነው። በዚህ የተነሳ ለረጅም ጊዜ የሠራ የሚያድግ ዲስክ፣ በውስጡ ያለው መረጃ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ቀስ በቀስ ወደ ጣሪያው የመጠጋት ዝንባሌ አለው።

## ታዲያ ቦታውን ማስመለስ አይቻልም?

ይቻላል፤ ግን ሁለት ደረጃ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ በእንግዳው ውስጥ ነፃ የሆነው ቦታ በዜሮ መሞላት አለበት፤ ከዚያ ቨርቹዋልቦክስ ሙሉ በሙሉ ዜሮ የሆኑትን ብሎኮች አውጥቶ ፋይሉን ያሳጥራል።

ለኡቡንቱ የሚመቸው መሣሪያ `zerofree` ነው። መሣሪያው በዲስኩ ላይ ጽሑፍ እየተካሄደ እያለ መሥራት ስለሌለበት፣ ማሽኑን ከኡቡንቱ የመጫኛ አይኤስኦ አስነስቶ ሳይጭኑ ለመሞከር የሚያስችለውን አማራጭ መግባት ይቀላል። ከዚያ የትኛው ክፍልፍል ኡቡንቱ የተጫነበት እንደሆነ በ`lsblk` ይረጋገጣል፤ ቁጥሩ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ይህን ማለፍ አይገባም። ለምሳሌ ክፍልፍሉ `sda2` ከሆነ፦

```
sudo apt update
sudo apt install zerofree
sudo zerofree -v /dev/sda2
```

እንግዳው ዊንዶውስ ከሆነ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው `sdelete` ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ትእዛዙም `sdelete -z c:` ነው። ይህ ካበቃ በኋላ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይጠፋና በአስተናጋጁ ላይ የሚከተለው ይሰጣል፦

```
VBoxManage modifymedium disk ubuntu.vdi --compact
```

በምሳሌያችን ፋይሉ ከ37 ወደ 12 አካባቢ ይመለሳል፤ በትክክል 12 ላይ ግን ላይደርስ ይችላል። አንድ ብሎክ የሚወጣው 1 ሜጋባይቱ በሙሉ ዜሮ ከሆነ ብቻ ነው። የኡቡንቱ ፋይል ሲስተም በ4 ኪሎባይት ቁራጮች ስለሚሠራ በአንድ ብሎክ ውስጥ 256 ቁራጮች አሉ። ከ256ቱ አንዷ እንኳ በሥራ ላይ ካለች ሙሉው ብሎክ በቦታው ይቀራል። ትንንሽ ፋይሎች በየቦታው የተበተኑበት ዲስክ ሲታመቅ የሚጠበቀውን ያህል የማይቀንሰው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በእጅ ከመሥራት የሚያድን ሌላ መንገድም አለ። ዲስኩ ከማሽኑ ጋር ሲያያዝ `--discard on` የሚለው ከተሰጠ፣ እንግዳው «ይህን ቦታ አልፈልገውም» የሚል መልእክት ሲልክ ቨርቹዋልቦክስ ተቀብሎ ፋይሉን ያሳጥራል። ይህ የሚሠራው ለቪዲአይ ዲስክ ብቻ ነው፤ ማሽኑም ጠፍቶ መሆን አለበት፦

```
VBoxManage storageattach "Ubuntu" --storagectl "SATA" --port 0 --device 0 --type hdd --medium ubuntu.vdi --nonrotational on --discard on
```

በትእዛዙ ውስጥ ያሉት `Ubuntu` እና `SATA` የማሽኑና የመቆጣጠሪያው ስሞች ናቸው፤ በራስዎ ማሽን ላይ ያሉትን ስሞች ይተኩባቸው። ከዚያ በኋላ በኡቡንቱ ውስጥ `sudo fstrim -v /` ሲባል መልእክቱ ይላካል። እዚህም ቢሆን የሚለቀቀው ሙሉ 1 ሜጋባይት ብሎክ ብቻ ነው።

## የአስተናጋጁ ዲስክ ቢሞላስ?

አሁን ወደ ዋስትናው ጉዳይ እንምጣ። ተማሪያችን ለሌላ ትምህርት ዊንዶውስ የሚጫንበት ሁለተኛ ማሽን ፈለገች እንበል፤ ለእሱም 60 ጊጋባይት ጣሪያ ያለው የሚያድግ ዲስክ ፈጠረች። ቨርቹዋልቦክስ አልተቃወመም፤ ምክንያቱም አዲሱ ፋይል ሲፈጠር የያዘው ቦታ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ነገር ግን ለሁለቱ ማሽኖች በጠቅላላው 120 ጊጋባይት ቃል ተገብቷል፤ መጀመሪያውኑ የነበረው ነፃ ቦታ ደግሞ 88 ነው። መጋዘኑ ካሉት ክፍሎች በላይ አከራይቷል።

ከሁለቱ እንግዶች አንዳቸውም ይህን ማወቅ አይችሉም። በእንግዳው ዊንዶውስ ውስጥ «30 ጊጋባይት ነፃ ቦታ አለ» የሚል ሊታይ ይችላል፤ በላፕቶፑ ላይ ግን የቀረው 1 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። እንግዳው ባለው መረጃ ተማምኖ 5 ጊጋባይት ዝመና ማውረድ ይጀምራል፤ ፋይሉ ያድጋል፤ የአስተናጋጁ ዲስክ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ቨርቹዋልቦክስ ማሽኑን ባለበት ያቆምና `DrvVD_DISKFULL` የሚል መለያ ያለው መልእክት ያሳያል።

ይህ መልእክት ሲመጣ የሚደረገው ነገር ውጤቱን ስለሚወስን ትንሽ ልቆይበት። ማሽኑ የቆመው በእረፍት ሁኔታ እንጂ ተበላሽቶ አይደለም፤ በሜሞሪው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዳለ ነው። ትክክለኛው እርምጃ በአስተናጋጁ ላይ የማያስፈልጉ ፋይሎችን አጥፍቶ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሮ ቦታ ማስለቀቅና ማሽኑን ካቆመበት ማስቀጠል ነው። ማሽኑን በግድ ማጥፋት ግን ኮምፒውተርን በሥራ ላይ እያለ ከመብራት እንደመንቀል ነው፤ እንግዳው ገና ያልጻፈው መረጃ ይጠፋል፣ የፋይል ሲስተሙም ሊጎዳ ይችላል። በተጨማሪም አስተናጋጁ ራሱ ዲስኩ ሲሞላበት መንገዳገዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ችግሩ በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ብቻ አያበቃም።

መጠኑ የተወሰነ ዲስክ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁኔታ በመጀመሪያው ቀን ይገለጥ ነበር። የመጀመሪያው 60 ጊጋባይት ከ88ቱ ላይ ሲነሳ 28 ብቻ ይቀራል፤ ሁለተኛው ዲስክ ገና ሲፈጠር ቦታ የለም ተብሎ ይከሸፋል። ይህ የሚያናድድ ቢመስልም፣ በእኔ እምነት የተወሰነው ዲስክ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ችግሩ የሚታየው ምንም ሥራ ሳይጀመር ነው፤ አንዴ ከተፈጠረ በኋላም ሌሎች ፋይሎች የላፕቶፑን ዲስክ ቢሞሉት እንኳ የእንግዳው ቦታ የተጠበቀ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ይህ ዋስትና የሚሠራው ስናፕሾት፣ ማለትም በኋላ ወደዚያው ለመመለስ የማሽኑን የወቅቱን ሁኔታ የሚያስቀምጥ ቅጂ፣ እስካልተወሰደ ድረስ ነው። ስናፕሾት ሲወሰድ ቨርቹዋልቦክስ ዋናውን ዲስክ ለንባብ ብቻ ያደርገውና ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ `Snapshots` በሚባለው አቃፊ ውስጥ በሚፈጥረው አዲስ ፋይል ላይ ያኖራል። ያ አዲስ ፋይል ሁልጊዜ የሚያድግ ዓይነት ነው፤ ዋናው ዲስክ የተወሰነ ቢሆንም። ስለዚህ 60 ጊጋባይት አስቀድሞ የያዘ ማሽን ከስናፕሾት በኋላ ከዚያ በላይ ቦታ መውሰድ ይጀምራል፣ የመጀመሪያ ምደባን ዋጋም እንደገና ይከፍላል። ስናፕሾቱ ሲሰረዝም ሁለቱን ፋይሎች ማዋሃድ ለጊዜው ተጨማሪ ቦታ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ዲስኩ ጫፍ እስኪደርስ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

## የትኛው ለማን ይሻላል?

ኤስኤስዲ ባለውና ቦታው በተጣበበ ላፕቶፕ ላይ ለትምህርትና ለሙከራ የሚሆነው የሚያድገው ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ግን። የሁሉም ማሽኖች ጣሪያ ሲደመር ከአስተናጋጁ ነፃ ቦታ መብለጥ የለበትም፤ ለአስተናጋጁ ለራሱም የተወሰነ ጊጋባይት መተው አለበት። በምሳሌያችን 88 ጊጋባይት ነፃ ከነበረ ለሁለቱ ማሽኖች 30 እና 40 ጣሪያ መስጠት ይቻል ነበር። ይህን ያደረገ ሰው የሚያድገውን ዲስክ ጥቅም ሳያጣ የተወሰነውን ዋስትና አብዛኛውን ያገኛል።

በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ዳታቤዝ ወይም ያለማቋረጥ የሚጽፍ አገልግሎት የሚያስኬድ፣ ማሽኑም በሌሊት ሰው በሌለበት እንዲሠራ የሚፈልግ ግን የተወሰነውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ይህ ሰው የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፤ የተስተካከለ ፍጥነትና ቦታ አልቆ ማሽኑ እንዳይቆም ማረጋገጫ።

ዲስኩን በፍላሽ ወይም በውጫዊ ዲስክ ላይ ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው ደግሞ ፎርማቱን አስቀድሞ ይይ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የተወሰነው ዲስክ በዚያ ላይ ሲፈጠር ወዲያው ይከሸፋል፤ የሚያድገው ግን ያለ ችግር ተጀምሮ 4 ጊጋባይት ሲደርስ ይቆማል።

## ከተመረጠ በኋላ መቀየር ይቻላል?

በአዲስ ማሽን ዝግጅት ወቅት `Pre-allocate Full Size` የሚለው ሳጥን ምልክት ካልተደረገበት ዲስኩ የሚያድግ ይሆናል፤ ምልክት ከተደረገበት የተወሰነ ይሆናል። የተፈጠረን ዲስክ በዚያው ፋይል ላይ እንዳለ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር አይቻልም፤ የሚቻለው በሌላ ዓይነት መገልበጥ ነው፦

```
VBoxManage clonemedium disk ubuntu.vdi ubuntu-fixed.vdi --variant Fixed
```

ከተወሰነው ወደሚያድገው ለመመለስ `Fixed` በሚለው ምትክ `Standard` ይጻፋል። ቅጂው እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ፋይሎች በዲስኩ ላይ ስለሚኖሩ ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ ያስፈልጋል፤ በምሳሌያችን 37 ጊጋባይት ከያዘው ፋይል ጎን ሌላ 60 ጊጋባይት ማለት ነው። ቅጂው የራሱ አዲስ መለያ ስለሚሰጠው ማሽኑ በራሱ አያውቀውም። በማሽኑ የስቶሬጅ ገጽ ላይ የቀድሞውን ዲስክ ነቅሎ አዲሱን ማያያዝ፣ ማሽኑን ማስነሳት፣ ሁሉም በቦታው መሆኑን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የቀድሞውን ፋይል ማጥፋት ይገባል።